የአንድ ዙር ጨዋታ ዳታ በምን ይለካል? ስልኬ 19 ሜጋባይት ሲለኝ ከጥቅሌ 54 ይቀነሳል

ናሁ ዘኮዬ

ሰላም ለመድረኩ አባላት። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። እኛ ብሎክ ድረስ የመስመር ኢንተርኔት ስላልገባ የምጫወተው በሳምንታዊ የ1 ጊጋባይት ጥቅል ነው። ማታ ማታ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር እየተነጋገርን ፐብጂ ሞባይል እንጫወታለን፤ አንዱ ዙር ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ጥያቄዬ ጨዋታው ብዙ ዳታ ይበላል ወይስ አይበላም የሚል አይደለም። አንድ ዙር ምን ያህል እንደ ወሰደ በየትኛው መለኪያ ልመን የሚል ነው፤ ምክንያቱም በእጄ ያሉት ሁለት መለኪያዎች ፈጽሞ አይስማሙም።

ትናንት ማታ ከመጀመሬ በፊት በስልኩ ቅንብር ውስጥ፣ የየመተግበሪያውን የዳታ አጠቃቀም በሚያሳየው ገጽ ላይ፣ ጨዋታው 412 ሜጋባይት ተጠቅሟል ይል ነበር። ዙሩ ሲያልቅ 431 ሆነ፤ ስለዚህ የወሰደው 19 ነው ማለት ነው። በዚያው ልክ `*804#` ደውዬ ቀሪዬን ሳይ ከመጀመሬ በፊት 836 ነበር፤ ዙሩ እንዳለቀ ወዲያው ስደውል 782 ሆኗል፤ ስለዚህ ከጥቅሌ የተቀነሰው 54 ነው። የተቀረው 35 ሜጋባይት የት ገባ? በየዙሩ ይህን ያህል የሚጠፋ ከሆነ ጥቅሌ ሐሙስ ሳይደርስ የሚያልቅበት ምክንያት ይገባኛል፤ የሚጠፋበትን ቦታ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሚኪ ከጀሞ

ወንድሜ ናሁ፣ መጀመሪያ የጨዋታውን ግራፊክስ ወደ ዝቅተኛው አውርደው። ምስሉ በጠራ ቁጥር የሚወርደው ዳታ ይጨምራል፤ ይህ በቪዲዮ ላይ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። እኔ የጠራውን የምስል ጥቅል አጥፍቼ ግራፊክሱን ዝቅ ካደረግሁ ወዲህ ዳታዬ በደንብ ይበረክትልኛል። ከመለካት ይልቅ መቀነሱ ላይ ብታተኩር ይሻልሃል።

ሰብለ (የኔትወርክ ባለሙያ)

የናሁን ጥያቄ ከመመለሴ በፊት ሚኪ ባነሳው ነጥብ ላይ ጥቂት ማለት ይገባኛል፤ ግማሹ ትክክል ስለሆነ ብዙ ሰው ሙሉውን ያምነዋል። ቪዲዮ ሲታይ ምስሉ ራሱ በኔትወርክ እየወረደ ነው። በጨዋታ ግን ካርታው፣ ቤቱ፣ ልብሱና ጠመንጃው አስቀድሞ ስልኩ ውስጥ ተጭኗል፤ ዙሩ በሚካሄድበት ጊዜ በኔትወርክ የሚመላለሰው እከሌ እዚህ ቦታ ቆሟል፣ ወደዚህ ዞሯል፣ ተኩሷል የሚል አጭር መልእክት ብቻ ነው። ሥዕሉን የሚሠራው ስልኩ ነው። ስለዚህ ግራፊክሱን ዝቅ ማድረግ ባትሪውንና የስልኩን ሙቀት እንጂ ዙሩ የሚወስደውን ዳታ የሚነካው እጅግ በጥቂቱ ነው። ሚኪ ዳታው የበረከተለት የጠራውን የምስል ጥቅል ማውረድ ስለተወ ነው፤ እሱ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አንዴ የሚወርድ እንጂ በየዙሩ የሚከፈል አይደለም።

መጠኑ እንዲታያችሁ አንድ ግምታዊ ስሌት ልሥራ። አንድ ጨዋታ በሰከንድ 20 መልእክት ቢቀበልና እያንዳንዱ ከነማሸጊያው 150 ባይት ቢመዝን፣ 20 መልእክት ደግሞ ቢልክና እያንዳንዱ 80 ባይት ቢመዝን፣ ድምሩ በሰከንድ 4,600 ባይት ነው። በአንድ ሰዓት ወደ 16.5 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። አንድ መቶ ተጫዋች በሚሳተፍበት ጨዋታ፣ በተለይ ብዙ ሰው አንድ ሰፈር ሲወርድ፣ መልእክቱ ከዚህ ይወፍራል፤ የናሁ 19 ሜጋባይት እንግዲህ ከድምፅ ንግግሩ ጋር ተደምሮ የሚያስደንቅ ቁጥር አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄው ልምጣ። ሁለቱ መለኪያዎች የማይስማሙት የሚለኩት ነገር ስለሚለያይ ነው። አንደኛው የአንዱን መተግበሪያ ዳታ ብቻ ይነግርዎታል። ሁለተኛው በዚያ ሲም ያለፈውን ሁሉ ይቆጥራል፤ ጨዋታው ከፊት ተከፍቶ ሳለ ከጀርባ ሌላ መተግበሪያ ያወረደው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ማወዳደር ያለብዎት የጨዋታውን ቁጥር ሳይሆን የስልኩን አጠቃላይ የሞባይል ዳታ ቁጥር ነው፤ እሱ በዚያው ገጽ አናት ላይ ይገኛል።

ሌላው ምክንያት ቀሪ ሂሳቡን የጠየቁበት ጊዜ ነው። ከኦፕሬተሩ በኩል ዳታ የሚቀነሰው ባይት በባይት አይደለም። ግንኙነቱ ሲከፈት ሥርዓቱ ከጥቅልዎ የተወሰነ ድርሻ ቆርሶ ይይዛል፤ ያ ሲያልቅ ሌላ ይቆርሳል፤ ግንኙነቱ ሲዘጋ ያልተነካውን ይመልሳል። ዙሩ እንዳለቀ ወዲያው ከጠየቁ ተይዞ ገና ያልተጠቀሙበት ድርሻ እንደ ተበላ ሆኖ ሊታይዎት ይችላል። ከዙሩ በፊትም ሆነ በኋላ የሞባይል ዳታውን ያጥፉት፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ ይጠይቁ፤ `*804#` ዳታ ሳይበራም ይሠራል። ይህን አድርገው ሦስቱንም ቁጥር ቢያመጡልን፣ ማለትም የጨዋታውን፣ የስልኩን ድምርና የጥቅሉን፣ የጠፋው በየትኛው መካከል እንደሆነ ይታያል።

ቢኒ ቡራዩ

እኔም በዚሁ ጉዳይ ተቸግሬአለሁ። ቡራዩ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ፒንጉ 300 ይደርሳል፤ ተኩሼ ሰውዬው የሚወድቀው ዘግይቶ ነው። ትልቁን ወርሃዊ ጥቅል ገዛሁ፤ ምንም ለውጥ የለውም። ስንት ጊጋ ብገዛ ነው ፒንጉ የሚወርደው?

ሰብለ (የኔትወርክ ባለሙያ)

ቢኒ፣ የጥቅሉ መጠንና ፒንጉ አይገናኙም። ፒንግ መልእክትህ ሰርቨሩ ዘንድ ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ ነው፤ 1 ጊጋ የገዛውም 30 ጊጋ የገዛውም የሚጠቀሙት ያንኑ ምሰሶ ነው። ማታ የሚዘገየው የሰፈሩ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚጠቀም ይመስለኛል፤ ሌሊት ላይ ሞክረህ ፒንጉ ከወረደ ያ መሆኑን ታረጋግጣለህ። ለብቻው ክር ብትከፍትለት እዚያ በሰፊው እንነጋገርበታለን።

የአቤል እናት

ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ። እኔ ለገጣፎ ነው የምኖረው፤ የጨዋታውን ነገር ብዙም አላውቅበትም። የአሥር ዓመት ልጄ የሚጫወተው ሉዶ ነው፤ ያውም ከኮምፒውተሩ ጋር ብቻውን፣ ኢንተርኔት የማይፈልገውን። ሆኖም ስልኬን ለአንድ ሰዓት ከያዘው የዕለት ጥቅሌ ግማሹ የለም። እዚህ ከላይ የጦርነቱ ጨዋታ በግማሽ ሰዓት 19 ብቻ ወሰደ ስትሉ ግራ ገባኝ። የእኔ ስልክ ተበላሽቶ ይሆን?

ሀብታሙ ዘሰበታ

እናቴ፣ ስልክዎ ደህና ነው። ብቻውን የሚጫወትበት ሉዶ ለጨዋታው ምንም ዳታ አይፈልግም፤ ዳታውን የሚወስደው በየጨዋታው መካከል የሚመጣው የቪዲዮ ማስታወቂያ ነው። የ30 ሰከንድ ቪዲዮ እንደ ጥራቱ ብዙ ሜጋባይት ሊወስድ ይችላል፤ ደግሞም እየታየ ያለው ሳያልቅ ቀጣዩ አስቀድሞ ይወርዳል። ልጁ ተጨማሪ ሽልማት ለማግኘት ማስታወቂያ ተመልከት የሚለውን ከነካው በሰዓት ውስጥ ሃያም ሠላሳም ሊያይ ይችላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የሞባይል ዳታውን አጥፍተው ስልኩን ይስጡት። ጨዋታው ያለ ምንም እንከን ከቀጠለና ማስታወቂያው ከቀረ ምክንያቱ ያ ነበር ማለት ነው።

ለናሁ ደግሞ እኔ የምጠቀምበትን ሌላ መንገድ ላካፍል። ኮምፒውተር ካለህና በስልኩ የገንቢ አማራጮች ውስጥ የዩኤስቢ ማረሚያውን ካበራህ ስልኩ ከተነሣ ጀምሮ የቆጠረውን ባይት ሳይከናነብ ታየዋለህ፦

```
adb shell cat /proc/net/dev
```

ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የሞባይል ዳታውን መስመር ትፈልጋለህ። ሚዲያቴክ ቺፕ ባላቸው ስልኮች፣ በእኔም ጭምር፣ ስሙ `ccmni0` ወይም ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው፤ ኳልኮም ባላቸው ደግሞ በ`rmnet` ይጀምራል። ከስሙ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ቁጥር የገባው ባይት ነው፣ ዘጠነኛው የወጣው። የእኔን የአንድ ዙር ልኬት ላስቀምጥ። የገባው ከ61,204,118 ወደ 73,590,442 ሄደ፤ ልዩነቱ 12,386,324 ነው። የወጣው ከ9,870,215 ወደ 14,122,903 ሄደ፤ ልዩነቱ 4,252,688። ድምሩ 16,639,012 ባይት ሲሆን ዙሩ 27 ደቂቃ ፈጅቷል። ይህም በሰከንድ ወደ 10 ሺህ ባይት ነው፤ ከወይዘሪት ሰብለ ግምት እጥፍ ቢሆንም መቶ ሰው ያለበት ጨዋታ ስለሆነ የሚጠበቅ ይመስለኛል። መጠንቀቅ ያለብህ ስልኩ ጠፍቶ ከተነሣ ቆጠራው ከዜሮ እንደሚጀምር ነው። መብራት ጠፍቶ ባትሪው መሐል ላይ ካለቀብህ ያ ልኬት አይታመንም።

ሰላም ከአራብሳ

እኛ ቤት የምንጠቀመው ሲም የሚገባበትን የኪስ ራውተር ነው። ናሁ በሞባይል ዳታው ስለሚጫወት ቁጥሩን ቢያንስ በአንድ ቦታ ያገኘዋል፤ እኔ ግን የሞባይል ዳታው ገጽ ዜሮ እያለኝ የራውተሩ ጥቅል ያልቃል። የወንድሜ ስልክ አንድ ቀን ጨዋታ ሊጀምር ሲል ሁለት መተግበሪያዎች አፕዴት እያደረጉ አገኘን፤ ቅንብሩ ግን በዋይፋይ ብቻ ይል ነበር። ይህ እንዴት ይሆናል?

ሰብለ (የኔትወርክ ባለሙያ)

ሰላም፣ ያነሣሽው ነጥብ ከከተማው ወጣ ብለን ለምንኖር ሰዎች ዋናው ይመስለኛል፤ ብዙዎቻችን በኪስ ራውተር ወይም በሌላ ሰው ስልክ ሆትስፖት ነው የምንጫወተው። ለስልኩ ራውተሩ ተራ ዋይፋይ ነው፤ ከጀርባው የሚያልቅ ጥቅል እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ በዋይፋይ ብቻ የተባለው ሥራ ሁሉ፣ አፕዴቱም፣ የፎቶ ምትኬውም፣ የጨዋታው ተጨማሪ ካርታም፣ ነፃ ነው ብሎ ያወርዳል። መፍትሔው በአንድሮይድ ላይ የዚያን ዋይፋይ ዝርዝር ከፍቶ የሚቆጠር አውታረ መረብ ነው ብሎ ምልክት ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ስልኩ እንደ ሞባይል ዳታ ይጠነቀቅለታል። ልኬቱን የምታዪው ደግሞ ከሞባይል ዳታው ገጽ ሳይሆን ከዋይፋዩ የአጠቃቀም ገጽ ነው። ወንድምሽና አንቺ በአንድ ራውተር ላይ ከሆናችሁ ግን ስትለኪ የእሱ ስልክ ከራውተሩ መውጣት አለበት፤ አለዚያ የጥቅሉ ቁጥር የሁለታችሁ ድምር ይሆናል።

ናሁ ዘኮዬ

የሰብለን ምክር ተከትዬ በድጋሚ ለካሁ፤ ውጤቱ ግልጽ ስለሆነ በዝርዝር አቀርበዋለሁ። ከመጀመሬ በፊት ዳታውን አጥፍቼ ጠብቄ ቀሪዬን መዘገብሁ፤ ሌላውን መተግበሪያ ሳልነካ እንደ ወትሮው ተጫወትሁ፤ ካለቀም በኋላ እንዲሁ አጥፍቼ ጠብቄ ጠየቅሁ። ጨዋታው 21፣ የስልኩ ድምር 47፣ ከጥቅሉ የተቀነሰው 49 ሜጋባይት ሆነ። ስለዚህ ትልቁ ክፍተት በስልኬና በኦፕሬተሩ መካከል ሳይሆን በጨዋታውና በስልኬ መካከል ነበር። ዝርዝሩን ስመለከት ቴሌግራም ብቻውን 23 ወስዷል። አባል በሆንሁባቸው ቡድኖች የሚለጠፈውን ቪዲዮ ሳልከፍተው ያወርደው ነበር።

በሚቀጥለው ምሽት የቴሌግራምን ራስ-ሰር ማውረጃ በሞባይል ዳታ ላይ ዘጋሁ፤ የአንድሮይድን ዳታ ቆጣቢም አበራሁ። እሱ ከጀርባ ያሉትን ብቻ ስለሚያግድ ጨዋታው ላይ ያመጣው ችግር የለም። ጨዋታው 22፣ የስልኩ ድምር 23፣ ከጥቅሉ የተቀነሰው 25 ሆነ።

የቀረኝን ጊዜ የተጠቀምሁበት 22ቱን በመከፋፈል ነው። ጨዋታውን ከፍቼ ሎቢው ላይ ጥቂት ቆይቼ ብቻ ስወጣ 4 ሜጋባይት ያህል ሄዷል፤ እሱም አዲስ ዝግጅት ሲኖር የሚመጡት ማስታወቂያዎችና ሥዕሎች ይመስሉኛል፤ በማግሥቱ ስደግመው ከ1 አላለፈም። የድምፅ ንግግሩን ዘግቼ የተጫወትሁት ዙር 14 ወሰደ፤ ከፍቼ የተጫወትሁት 21። ሁለቱ ዙሮች በርዝመት ተቀራራቢ ነበሩ። የድምፅ ንግግር ይህን ያህል ይወስዳል ብዬ አልጠበቅሁም፤ ወይስ ሌላ ምክንያት አለው?

ሰብለ (የኔትወርክ ባለሙያ)

ናሁ፣ ልኬትዎ የሚያስመሰግን ነው፤ የድምፁም ቁጥር ከስሌቱ ጋር ይሄዳል። ድምፁ በሰከንድ 24 ኪሎቢት ቢላክ፣ ያ በሰከንድ 3,000 ባይት፣ ሳያቋርጥ በግማሽ ሰዓት ደግሞ 5.4 ሚሊዮን ባይት ነው። ሦስቱ ጓደኞችዎ እያንዳንዳቸው የጊዜውን ሲሶ ቢናገሩ ወደ እርስዎ የሚመጣው ድምር ያንኑ 5.4 ያህላል፤ እርስዎም ሲሶውን ቢናገሩ 1.8 ይወጣል። ድምሩ 7.2 ሲሆን ያገኙት ልዩነት 7 ነው። ሆኖም ማይክሮፎኑ ሁልጊዜ ክፍት ከሆነ የሚላከው የእርስዎ ንግግር ብቻ አይደለም፤ የጄነሬተር ጩኸት፣ ቴሌቪዥንና የቤተሰብ ወሬ ሁሉ እንደ ንግግር ተቆጥሮ ይሄዳል፤ ጓደኞችዎም በጥቅላቸው ይቀበሉታል። ተጭነው ሲናገሩ ብቻ የሚከፈተውን አማራጭ አራታችሁም ብትመርጡ ይህ ክፍል በግልጽ ይቀንሳል።

በስልኩ ድምርና በጥቅሉ መካከል የቀረችው የ2 ሜጋባይት ልዩነት ግን ሌላ ምክንያት ሊኖራት ይችላል። ኦፕሬተሩ ወደ እርስዎ የሚመጣውን መልእክት የሚቆጥረው ወደ ምሰሶው ከመላኩ በፊት ነው፤ ስልክዎ ደግሞ የሚቆጥረው የደረሰውን ብቻ። ምልክቱ ደካማ በሆነበት ቦታ በአየር ላይ የጠፋው መልእክት ከጥቅልዎ ተቀንሷል፤ ስልክዎ ግን አላየውም። ጨዋታ የጠፋውን መልእክት ደግሞ ከመጠየቅ ይልቅ ቀጣዩን ስለሚጠብቅ ልዩነቱ እንዳለ ይቀራል። ይህን ለመፈተን አንዱን ዙር ምልክቱ ሙሉ በሆነበት መስኮት አጠገብ፣ ሌላውን ከኋላው ክፍል ውስጥ ሆነው ይጫወቱና ክፍተቱን ያወዳድሩ።

ሀብታሙ ዘሰበታ

በዚህ ላይ አንድ ጥርጣሬ አለኝ። ያቺ ልዩነት የአየሩ ላትሆንም ትችላለች፤ የመስፈሪያው ልትሆን ትችላለች። የእኔን 16,639,012 ባይት ለ1,000,000 ካካፈልሁት 16.6 ሜጋባይት ነው፤ ለ1,048,576 ካካፈልሁት 15.9 ነው። ወደ 5 በመቶ የሚጠጋ ልዩነት ከአካፋዩ ብቻ መጣ። የናሁ ስልክ በትልቁ እየከፈለ ኦፕሬተሩ በትንሹ የሚከፍል ከሆነ 23 ያለው 24 ይሆናል፤ ግማሹ ልዩነት አለቀ። መጠኑ በትክክል የሚታወቅ የ100,000,000 ባይት ፋይል አውርደን ከጥቅሉ የሚቀነሰው 100 ነው ወይስ 95 ብለን ማየት እንችላለን።

ሰብለ (የኔትወርክ ባለሙያ)

ሀብታሙ ልክ ነው፤ ሁለቱም ምክንያቶች አብረው ሊኖሩ ስለሚችሉ በናሁ ልኬት ብቻ መለየት አይቻልም። ሙከራው ግን 100 ወይም 95 አይሰጥህም። ፋይሉ በ1,500 ባይት እሽጎች ሲመጣ እያንዳንዱ እሽግ ከ40 እስከ 52 ባይት የራሱ አድራሻ አለው፤ ማረጋገጫውም ወደ ላይ ይላካል። ስለዚህ በትክክል የሚያልፈው ወደ 104 ሚሊዮን ባይት ነው። ኦፕሬተሩ በ1,000,000 የሚከፍል ከሆነ 104 አካባቢ፣ በ1,048,576 ከሆነ 99 አካባቢ ታያለህ። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት በቂ ነው፤ ምልክቱ ጠንካራ በሆነበት ቦታ ከተሠራ አይምታታም።

የአቤል እናት

ሀብታሙ ልጄ፣ እንዳልከው ዳታውን አጥፍቼ ሰጠሁት። ሉዶው ሠራ፤ ማስታወቂያውም አልመጣም። ተባረክ።

ሚኪ ከጀሞ

የሰብለን ማብራሪያ ካነበብሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ግራፊክሱን ትቼ የፍሬሙን ፍጥነት ወደ 60 ባወጣው ጨዋታው በሰከንድ የሚልከው መልእክት ይጨምራል ወይ? በሀብታሙ ትእዛዝ የወጣውን ባይት ብቻ ለይቼ በሁለቱም ቅንብር ልለካው አስባለሁ።

ሀብታሙ ዘሰበታ

ሚኪ፣ ለካው፤ ከዘጠነኛው ቁጥር አጠገብ ያለው አሥረኛው የወጣውን እሽግ ብዛት ስለሚነግርህ እሱንም መዝግብ። ከባይቱ ይልቅ እሱ ነው ጥያቄህን የሚመልሰው። የፋይሉን ሙከራ ደግሞ ጥቅሉ ዛሬ እኩለ ሌሊት የሚያበቃና ከ110 ሜጋባይት በላይ የተረፈው ሰው ካለ ቢሠራው ጥሩ ነው፤ የእኔ እስከ ቅዳሜ ይቆያል።

ሰላም ከአራብሳ

የራውተሩ ጥቅል የሚያበቃው ዛሬ ሌሊት ነው፤ ወደ 300 ሜጋባይት ቀርቶታል። ራውተሩን ምልክቱ ሙሉ ወደሚሆንበት በረንዳ አውጥቼ፣ የወንድሜን ስልክ ከዋይፋዩ አስወጥቼ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አወርደዋለሁ። ከማውረዴ በፊትና በኋላ ያለውን ቀሪ ሁለቱንም እዚሁ እለጥፋለሁ።